ያለፈውን ዓመት በጀት መገልበጥ ወይስ ከዜሮ መነሳት? ለሥራ ክፍል ኃላፊዎች የቀረበ ንጽጽር

የበጀት ጥሪው ደብዳቤ ሲደርስ በብዙ ቢሮ የሚሆነው ይታወቃል። ያለፈው ዓመት የኤክሴል ፋይል ይከፈታል፣ የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር ይቀየራል፣ በየመደቡ 10 ወይም 12 በመቶ ይጨመርና ለፋይናንስ ይላካል። ሥራው በአንድ ከሰዓት ያልቃል። አሁን ግን አለቆችዎ “ዘንድሮ ከዜሮ ተነስታችሁ አምጡ” ካሉ፣ ወይም ሁለቱን ዘዴዎች አመዛዝነው አንዱን እንዲመርጡ ከተጠየቁ፣ ልዩነቱ የት እንደሆነ በአንድ ክፍል ሒሳብ ላይ ማየት ይሻላል።

በመገልበጥ ዘዴ ያለፈው ዓመት የጸደቀ ገንዘብ እንደ መብት ይቆጠራል፤ ክርክሩ በጭማሪው ላይ ብቻ ነው። ከዜሮ በሚነሳው ዘዴ ግን የመጀመሪያዋ ብርም ምክንያት ትጠየቃለች፦ የትኛው ሥራ ነው የሚሠራው፣ በምን መጠን፣ በስንት ነጠላ ዋጋ፣ ባይሠራስ ምን ይጎድላል? ዘዴውን በዚህ መልኩ ያዋቀረው ፒተር ፒር ነው፤ በአሜሪካው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያ ከሞከረው በኋላ በ1970 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል። ጂሚ ካርተርም የጆርጂያ ገዥ ሳሉ ወደ ክፍለ ግዛቱ፣ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ደግሞ ወደ ፌዴራል መንግሥቱ ወስደውታል። በፌዴራል ደረጃ የቆየው እስከ 1981 እ.ኤ.አ. ብቻ ነው፤ ለምን እንደቀረ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ምሳሌያችን በአንድ መካከለኛ ድርጅት ጠቅላላ አገልግሎት ሥር ያለ የስምሪት ክፍል ነው። ለመስክ የሚወጡ ሦስት ፒክአፖች፣ አንድ የሠራተኛ ሰርቪስ ሚኒባስና ለከተማ ጉዳይ የሚውል አንድ ያረጀ አውቶሞቢል አሉት። ዋጋዎቹ ስሌቱን ለማሳየት የተያዙ ናቸው፤ እርስዎ በፕሮፎርማ ይተኳቸው። የሾፌሮች ደመወዝ በሰው ኃይል በጀት ስለሚያዝ እዚህ አልገባም።

| መደብ | ያለፈው ዓመት (ብር) | 12 በመቶ ሲጨመር | ከዜሮ ሲሰላ |
|---|---|---|---|
| ነዳጅ | 1,400,000 | 1,568,000 | 1,137,500 |
| ሰርቪስና ጥገና | 700,000 | 784,000 | 645,000 |
| ጎማ | 150,000 | 168,000 | 320,000 |
| ኢንሹራንስና ቦሎ | 260,000 | 291,200 | 280,000 |
| ድምር | 2,510,000 | 2,811,200 | 2,382,500 |

የነዳጁ ቁጥር የመጣው ከኪሎ ሜትር ነው። ሦስቱ ፒክአፖች እያንዳንዳቸው በዓመት 18,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ፣ በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ሲታሰብ 6,000 ሊትር ይሆናል። ሚኒባሱ በቀን 60 ኪሎ ሜትር ለ250 የሥራ ቀናት ሲሠራ 15,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በሊትር 7.5 ኪሎ ሜትር ከተያዘ 2,000 ሊትር ነው። አውቶሞቢሉ 6,000 ኪሎ ሜትር በ8 ሲካፈል 750 ሊትር ይፈልጋል። ድምሩ 8,750 ሊትር ነው፤ ሊትሩ በ130 ብር ቢያዝ 1,137,500 ብር። በኤክሴል ኪሎ ሜትሩን፣ ፍጆታውንና የሊትሩን ዋጋ በየራሳቸው ሴል ያስቀምጡ፦

```
=B2/C2*$D$2
```

የነዳጅ ዋጋ በዓመቱ መካከል ሲቀየር የሚነካው ሴል D2 ብቻ ነው። በመገልበጥ ዘዴ ግን ዋጋና መጠን በአንድ ድምር ውስጥ ተዋህደው ስለሚቀመጡ፣ ወጪው የጨመረው ነዳጅ ስለተወደደ ይሁን መኪና ስለበዛ ማንም ለይቶ ሊናገር አይችልም።

የኪሎ ሜትሩ መረጃ ከየት ይመጣል? ከጉዞ ማዘዣዎችና ከመኪናው ቆጣሪ ነው። ሁለቱን ያስተያዩ። ቆጣሪው 18,000 ብሎ ማዘዣዎቹ ሲደመሩ 13,000 ከሆኑ፣ 5,000 ኪሎ ሜትሩ ያለ ማዘዣ የተሄደ ነው ወይም ማዘዣዎች ጠፍተዋል፤ በጀት ከመጻፍዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ይወቁ። የፍጆታውን መጠንም ከፋብሪካው መጽሐፍ አይውሰዱ። በኩፖን የተቀዳውን ሊትርና በዚያው ጊዜ የተሄደውን ኪሎ ሜትር ቢያንስ ለሦስት ወር አካፍለው ያውጡ።

አሁን ሰንጠረዡን ያስተውሉ። ነዳጁ በመገልበጥ ዘዴ በ430,500 ብር የበለጠው ማንም ሆን ብሎ ስላበዛው አይደለም። የዚህ ዓይነት እብጠት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአንድ ሰሞን ሥራ ነው፤ ለምሳሌ ከሁለት ዓመት በፊት ለአራት ወር የተኬደ የመስክ ጥናት ነዳጅ በዚህ መደብ ተይዞ፣ ጥናቱ ሲያልቅ ገንዘቡ ከመደቡ ሳይቀነስ ይቀራል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በመቶኛ ያድጋል። ሰኔ ሲደርስ ደግሞ “ካልተጠቀምንበት ለሚቀጥለው ዓመት ይቀነስብናል” ተብሎ ኩፖን ይገዛበታል፤ የወጪ ሪፖርቱም 100 በመቶ ሥራ ላይ ዋለ ይላል። ስለዚህ የወጣው ገንዘብ ብቻውን ያስፈልግ እንደነበር አያረጋግጥም።

የጎማው ጉዳይ ተቃራኒ ነው። ባለፈው ዓመት ጎማ የተቀየረለት መኪና ጥቂት ስለነበር መደቡ አነስተኛ ሆነ። ዘንድሮ ግን የሁለት ፒክአፖች 8 ጎማና የሚኒባሱ 6 ጎማ ጊዜያቸው ይደርሳል፦ 8 በ25,000 እና 6 በ20,000፣ በድምሩ 320,000 ብር። የገለበጠ ኃላፊ 168,000 ይዞ ይጀምርና በመጋቢት የዝውውር ደብዳቤ ይጽፋል። ከዜሮ መነሳት ሁልጊዜ በጀት መቀነሻ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ረድፍ ማየት አለባቸው።

የዘዴው ዋና አካል ግን ስሌቱ አይደለም፣ ወጪውን በፓኬጅ መክፈሉ ነው። አንድ ፓኬጅ ራሱን ችሎ ሊፈቀድ ወይም ሊቀር የሚችል ሥራ ከነሙሉ ወጪው ነው። በእኛ ክፍል፣ በአስፈላጊነት ቅደም ተከተል ሲደረደሩ፦

- ፓኬጅ 1፣ የመስክ ጉዞ በሦስት ፒክአፕ፦ 1,550,000 ብር። ካልተፈቀደ የመስክ ክትትል ይቆማል።
- ፓኬጅ 2፣ የሠራተኛ ሰርቪስ፦ 545,000 ብር። ካልተፈቀደ የትራንስፖርት አበል ጥያቄ ይነሳል።
- ፓኬጅ 3፣ የከተማ አውቶሞቢል፦ 287,500 ብር። ካልተፈቀደ መልእክትና ግዢ በታክሲ ይሄዳል።

ሦስተኛውን ጠጋ ብለን እንየው። 287,500 ብር ለ6,000 ኪሎ ሜትር ሲካፈል በኪሎ ሜትር 48 ብር ገደማ ነው፤ ፒክአፖቹ 29 ብር ገደማ ናቸው። ምክንያቱ ለአሮጌው መኪና የተያዘው 165,000 ብር ጥገና ነው፤ በመደብ ብቻ ሲጻፍ ከሌሎቹ ጥገና ጋር ተቀላቅሎ አይታይም። እንግዲህ በስልክ ከሚጠሩ የታክሲ ድርጅቶች ዋጋ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል። ግን ማነጻጸሪያው 48 ብር አይደለም። መኪናው ካልተሸጠ ወይም ካልተወገደ የኢንሹራንሱና የቦሎው 25,000 ብር አይቀርም፤ በትክክል የሚቀረው 262,500 ነው፣ ማለትም በኪሎ ሜትር 44 ብር ገደማ። ሾፌሩም ደመወዙ ይቀጥላል። አዲስ ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ፓኬጁ ሲቀር አብሮ የማይቀረውን ወጪ “ተቆጠበ” ብለው ይደምራሉ።

የሁለቱ ዘዴዎች ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ጣሪያ ሲመጣ ነው። ማኔጅመንቱ ለስምሪት ከ2,200,000 ብር በላይ የለም አለ እንበል። የገለበጠው ኃላፊ ከ2,811,200 ለመውረድ ከየመደቡ 22 በመቶ ገደማ ይቆርጣል። ነዳጁ 1,227,000 ገደማ ይሆናል፤ ከሚያስፈልገው አሁንም 90,000 ያህል ይበልጣል። ጎማው 131,500 ገደማ ይሆናል፤ 188,500 ይጎድለዋል። ከዜሮ የተነሳው ኃላፊ ግን ፓኬጅ 1 እና 2ን በ2,095,000 ሙሉ ለሙሉ ይይዛል፣ በቀረው 105,000 የአውቶሞቢሉን ኢንሹራንስና ቦሎ ሸፍኖ የከተማ ጉዳዩን በታክሲ ያሠራል፣ የቀረውንም ሥራ ስም ጠርቶ ለአለቃው ያስታውቃል።

ታዲያ ለምን ሁሉም አይጠቀምበትም? ወረቀቱ ስለሚበዛ ነው። በጆርጂያ ወደ 10,000 ገደማ ፓኬጆች ተዘጋጅተው ነበር፤ አንድ ገዥ ይህን ሁሉ አንብቦ ሊወስን አይችልም። በፌዴራሉም መሥሪያ ቤቶች “ዝቅተኛው ደረጃ” የሚባለውን፣ ማለትም ሥራው ከዚያ በታች ሊቀጥል የማይችልበትን ገንዘብ፣ ከሥራው ተነስተው ከማስላት ይልቅ ካለፈው ዓመት ላይ ይህን ያህል በመቶ እያሉ ይወስዱ ጀመር። ያ ደግሞ መገልበጥ ነው፣ በረጅም ፎርም። በእርስዎ ክፍል ፓኬጆቹ ከ10 ካለፉ ወይም የመጀመሪያው ፓኬጅ በትክክል የድሮው በጀት 90 በመቶ ሆኖ ከመጣ ወደዚያው እየሄዳችሁ ነው።

ሌላም ተንኮል አለ። ማንም ሊነካው የማይደፍረውን ሥራ፣ ለምሳሌ የሠራተኛ ሰርቪሱን፣ ሆን ብሎ መጨረሻ ደረጃ ላይ ማስቀመጥና አለቃው ተገዶ ጣሪያውን ከፍ እንዲያደርግ መጠበቅ። ልምድ ያለው የፋይናንስ ኃላፊ ወዲያው ይነቃበታል፣ ከዚያ በኋላ የሌሎቹን ፓኬጆች ቅደም ተከተልም አያምንም።

ስለዚህ ምርጫው እንደ ወጪው ባሕርይ ነው። ኪራይ፣ የጥበቃ ውል፣ ኢንሹራንስና የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ ውልና ደብዳቤ አላቸው፤ በእነሱ ላይ ከዜሮ መነሳት ጊዜ ማባከን ነው፣ ውሉን አይቶ ቁጥሩን መውሰድ ይበቃል። ነዳጅ፣ ጥገና፣ የውሎ አበል፣ ሥልጠና፣ ሕትመትና አላቂ ዕቃ ግን በመጠንና በዋጋ ተባዝተው የሚመጡ ናቸው፤ ከዜሮ መነሳት የሚያዋጣው በእነዚህ ላይ ነው። ክፍሉ ትልቅ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ዓመት አይሞክሩ፤ ሥራዎቹን በሦስት ከፍሎ በየዓመቱ አንድ ሦስተኛውን ከዜሮ ማስላት፣ የቀረውን ካለፈው ዓመት አስተካክሎ መውሰድ የሚያዋጣ አካሄድ ነው። የስምሪት መዝገብ ወይም የስቶር ወጪ ካርድ ከሌለዎት ደግሞ ዘንድሮ ይገልብጡና መዝገቡን ከሐምሌ 1 ይጀምሩ፤ ያለ መጠን መረጃ የሚሠራ “ከዜሮ” በጀት የተገመተ ቁጥር ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያሉ ከሆነ ጣሪያውና የሒሳብ መደቡ ከላይ ስለሚመጣ ፎርሙን መቀየር አይችሉም። የሚችሉት ከፎርሙ ጀርባ የራስዎን የስሌት ወረቀት መያዝ ነው፦ ፓኬጆቹን በረድፍ፣ የሒሳብ መደቦቹን በዓምድ አድርገው ይሥሩት። የዓምዱ ድምር ወደ ፎርሙ ይገባል፤ የረድፉ ድምር በበጀት ክርክሩ ላይ “22 በመቶ ቀንሱ” ሲባሉ የትኛው ሥራ እንደሚቀር ለማሳየት በእጅዎ ይቆያል።