ላፕቶፕ ከመሸጥ በፊት፦ ለቅጂው ምን ይገዛል? ለማጥፋትስ የቱ መንገድ ያዋጣል?

የጎረቤቴ ልጅ መምህርት ናት። ላፕቶፕዋን ከዚራ አካባቢ ለሚኖር ሰው ልትሸጥ ከተስማማች በኋላ ወደ እኔ መጣች። ባለ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ነው፤ 120 ጊጋባይቱ በተማሪዎች ውጤት፣ በመታወቂያ ቅጂና በሠርግ ፎቶ ተይዟል። «ጋሼ፣ ፎርማት ባደርገው አይበቃም?» አለችኝ። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ቅጂው የት እንደሚቀመጥ መወሰን ነበረብን።

ይዛ የመጣችው «2 ቴራባይት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ርካሽ ፍላሽ ነበር። እንዲህ ያለው ፍላሽ ብዙ ጊዜ ውስጡ 32 ወይም 64 ጊጋባይት ብቻ ሲሆን መጠኑን ለኮምፒውተሩ ዋሽቶ ይናገራል። ፋይሉ የተገለበጠ ይመስላል፣ ስሙም ይታያል፤ ሲከፍቱት ግን ባዶ ነው። ኤችቱቴስትደብልዩ (H2testw) የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፍላሹን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ስለሚያነብ ውሸቱን ያጋልጣል። የእርሷ ፍላሽ ፈተናውን ወደቀ።

ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥስ? ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው። ቦታ ቢገዛ እንኳ በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 120 ጊጋባይት ለመጫን ከ53 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ለመታወቂያና ለዲግሪ ቅጂ ጥሩ ነው፣ ለሁሉም ነገር ግን አይሆንም። ስለዚህ የእኔ ምርጫ ባለ 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። ዩኤስቢ 3 በሆነው ቀዳዳ (ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው) ሰክተን በአንድ ሰዓት ገደማ ጨረስን። ከዚያ በሁለቱም በኩል የፋይሎቹን ቁጥር አስተያየን፣ ዲስኩንም ነቅለን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ጥቂት ፋይሎች ከፈትን። ይህ ሳይደረግ ምንም ነገር ማጥፋት አይገባም።

አሁን ወደ ማጥፋቱ። ቀላሉ መንገድ የዊንዶውስ Reset this PC ነው። Remove everything ብለው ሲቀጥሉ ሁሉም የጠፋ ይመስላል፤ ነገር ግን Change settings ውስጥ ያለው Clean data ካልበራ የሚጠፋው ማውጫው እንጂ ጽሑፉና ፎቶው አይደለም። ልጅቷ እንድታምን ሞከርነው። ሁለት ብሎን ፈትተን ዲስኩን አወጣን፣ በዩኤስቢ ማቀፊያ ከእኔ ኮምፒውተር ጋር አገናኘነውና ፎቶሬክ (PhotoRec) የተባለውን ነጻ ፕሮግራም አስነሣን። የፋይሎቹ ስም ጠፍቶ በቁጥር ተተክቷል፤ ፎቶዎቹ ግን ከነሙሉ ጥራታቸው ተመለሱ። ከሠርጉ ኬክ ጀርባ የቆሙትን አክስቷን ስታይ ሳቋ መጣ፣ ቀጥላም ዝም አለች።

Clean data ቢበራ ለእንዲህ ዓይነቱ ሃርድ ዲስክ በቂ ነው፣ ዊንዶውሱም ለገዢው ተዘጋጅቶ ይቀራል። እኔ ግን አልመረጥኩትም። ሥራው ሰዓታት ይፈጃል፣ የእርሷ ባትሪ ደግሞ ሃያ ደቂቃ አይቆይም፤ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ማሽኑ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። ዲስኩ ከእኔ ኮምፒውተር ጋር እንደተገናኘ በ Command Prompt ይህን ጻፍኩ፦

```
diskpart
list disk
select disk 1
clean all
```

የዲስኩን ቁጥር ከመምረጥ በፊት መጠኑን ሁለት ጊዜ ማየት ግድ ነው፤ ቁጥሩ ከተሳሳተ የሚጠፋው የራስ ዲስክ ይሆናል። all የምትለው ቃል ከቀረችም የሚጠፋው የክፍፍሉ ሰንጠረዥ ብቻ ነው። በሙሉ ትእዛዙ እያንዳንዱ ቦታ በዜሮ ይሞላል፤ ለ500 ጊጋባይት ሁለት ሰዓት አካባቢ ወሰደ። ፎቶሬክን ደግሜ ባስነሣ አንድም ፋይል አላገኘም። ጉድለቱ ዊንዶውስን በፍላሽ እንደገና መጫን ማስፈለጉ ነው፤ ፈቃዱ ብዙውን ጊዜ ከማሽኑ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይመለሳል።

ላፕቶፑ በሃርድ ዲስክ ፋንታ ኤስኤስዲ ቢኖረው ምርጫዬ ይለወጥ ነበር። Task Manager ውስጥ Performance የሚለው ገጽ ዓይነቱን ይናገራል። ኤስኤስዲ ለመጠባበቂያ የያዛቸው ሕዋሶች ስላሉት በዜሮ መሙላት ሁሉንም አይደርስም። ለእርሱ የሚሻለው በብዙ የዴል ወይም የኤችፒ የቢሮ ላፕቶፖች ባዮስ ውስጥ ያለው Data Wipe ወይም Secure Erase ነው። ይህ ከሌለ ዲስኩን አስቀድሞ የዊንዶውስ መቆለፊያ በሆነው በቢትሎከር መቆለፍና ከዚያ Reset ማድረግ ይቻላል፤ ቁልፉ ሲጠፋ የቀረው ሁሉ የማይነበብ ይሆናል።

ለጥገና ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። ስክሪን ወይም ኪቦርድ ለመቀየር ዲስኩ ግድ ስላልሆነ ፈትቶ ቤት ማስቀረት ነው።

አንድ ነገር ከዲስኩ ውጭ ይቀራል። ቴሌግራም በላፕቶፑ ላይ ከተከፈተ በስልኩ Devices ውስጥ ገብቶ ያንን ማሽን ማስወጣት ያስፈልጋል። ይህን ያደረግነው ገዢው በር ላይ ሲደርስ ነበር። ላፕቶፑ አገርና ቋንቋ በሚጠይቀው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቆሞ ነበር፤ ለኢትዮጵያ የሚሆነውን የመረጠው ራሱ ነው።