ክፍያው «30፣ 30፣ 30፣ 10» የሆነ የቤት ግንባታ ውል አትፈርሙ

ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ገላን ወይም ሱሉልታ አካባቢ ቤት ልታስጀምሩ ያሰባችሁ፣ የቀረበላችሁ ውል ሲፈረም 30 በመቶ፣ መሠረት ሲያልቅ 30፣ ጣሪያ ሲመታ 30፣ ቁልፍ ስትረከቡ 10 የሚል ከሆነ እባካችሁ ብዕር አታንሱ።

ቤቱ 4 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ቆርቆሮው በተመታ ዕለት 3.6 ሚሊዮኑን ከፍላችኋል። ቤቱ ግን ገና ብሎኬት ነው፤ ልስን፣ ሴራሚክ፣ በርና መስኮት፣ የመብራትና የውሃ መስመር፣ ቀለም ይቀረዋል። ይህ ሁሉ በሥራ ዝርዝሩ ዋጋ 1.6 ሚሊዮን ቢሆን እጃችሁ ላይ የቀረው 400 ሺህ ብቻ ነው። ኮንትራክተሩ ሥራውን ለመጨረስ 1.2 ሚሊዮን ከኪሱ ማውጣት አለበት። ስልክ ማንሳት የሚያቆመውም እዚህ ላይ ነው።

ቅድሚያ ክፍያው ከ20 በመቶ አይብለጥ፤ የባንክ ዋስትና ይቅረብበት፣ ከቀጣዮቹ ክፍያዎችም እየተቀነሰ ይመለስ። ከዚያ በኋላ የሚከፈለው ተለክቶ ለተረጋገጠ ሥራ ብቻ ይሁን። ከየክፍያው 5 በመቶ መያዣ አስቀሩ፤ የመያዣው ጥቅም ወደ ኋላ ይመጣል።

ሁለተኛው ወጥመድ ተጨማሪ ሥራ ነው። አካባቢው ጥቁር አፈር ስለሚበዛበት «ጠንካራ መሬት አላገኘንም፣ አንድ ሜትር እንጨምር፣ ሒሳቡን በኋላ እንተሳሰባለን» ትባላላችሁ። መጨመሩ እውነትም ሊያስፈልግ ይችላል፤ ችግሩ «በኋላ» የሚለው ነው። 1.2 በ1.2 ሜትር የሆኑ 12 ጉድጓዶች አንድ ሜትር ቢጠልቁ ጭማሪው 17.3 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ኮንክሪት ከተሞላና አፈር ከተመለሰ በኋላ 40 ሜትር ኩብ ተብሎ ቢመጣባችሁ በምን ታስተባብላላችሁ? ጉድጓዱ ክፍት እያለ ሜትር ዘርግታችሁ ለኩ፣ ፎቶ አንሱ። መጠኑ፣ በውሉ ላይ ያለው ነጠላ ዋጋና የሚጨመረው ቀን ተጽፎ ሁለታችሁም ሳትፈርሙ ሥራው አይቀጥል።

የጉድለት ማረሚያ ጊዜውን በተለይ አስተውሉ። «3 ወር» የሚል ውል በጥር ብትረከቡ ሚያዝያ ላይ ያበቃል፤ ጣሪያው አንድም ክረምት አላየም። ጥቁር አፈር ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከመስኮት ጥግ ሰያፍ ሆኖ የሚወጣው ስንጥቅና አልዘጋም የሚለው በር የሚታዩት ክረምት ሲገባ ወይም ከዚያ በኋላ መሬቱ ሲደርቅ ነው። ስለዚህ ቁልፍ ከምትቀበሉበት ከጊዜያዊ ርክክብ ጀምሮ 12 ወር ይጻፍ፤ ከ5 በመቶው መያዣ፣ ማለትም ከ200 ሺህ ብሩ፣ ቢያንስ ግማሹ 12 ወሩ አልቆ እስከሚደረገው የመጨረሻ ርክክብ እናንተ ጋ ይቆይ። ጉድለት ስታዩ በደብዳቤ አሳውቁ፣ ቀን ስጡት፣ ቅጂው ላይ አስፈርሙት። ካላስተካከለ በመያዣው ሌላ ባለሙያ ታሠራላችሁ፤ ይህ መብት ግን በውሉ ይስፈር።

«3 ወሩ አልፏል፣ አይመለከተኝም» ለሚላችሁ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 3039 አሳዩት። ተቋራጩ ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ 10 ዓመት ዋስ ነው፤ ጉዳቱ ከመሬቱ ጠባይ የመጣ ቢሆንም ይጠየቃል፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃል ዋጋ የለውም።