የቆመ ዕቃ ዋጋ፦ በየዕቃው ወይስ በዕድሜ?

ሳይሸጥ የቆየ ዕቃ ዋጋው ሲወርድ፣ በሂሳብ መዝገብ ላይ ያለውን ዋጋ በሁለት መንገድ መቀነስ ይቻላል፦ እያንዳንዱን ዕቃ ለብቻው በማየት ወይም በቆየበት ጊዜ ልክ መቶኛ በመቁረጥ። መርካቶ ውስጥ ያለ የመለዋወጫ ሱቅ እንውሰድ። መደርደሪያው ላይ 40 የአሮጌ ሞዴል የፊት መብራት አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። እያንዳንዱ በ1,500 ብር ተገዝቷል። ዛሬ 1,100 ቢሸጥ ነው፤ 100 ብር ለደላላ ይወጣል።

በየዕቃው፦ በእጅ የሚቀረው 1,000 ነው፤ ከ1,500 ያንሳል። ስለዚህ 20,000 ብር ይቀነሳል። የተሸጠ ዕቃ ወጪ ዴቢት፣ የዕቃ ዋጋ ቅናሽ መጠባበቂያ ክሬዲት ይሆናል። በሀብትና ዕዳ መግለጫው 60,000 የነበረው 40,000 ሆኖ ይታያል፣ ትርፉም በዚያው ልክ ይወርዳል። አድካሚ ነው፤ ግን ስለ ዕቃ ክምችት የሚደነግገው ዓለም አቀፍ የሂሳብ መስፈርት አይ.ኤ.ኤስ. 2 በመደበኛነት የሚጠይቀው ይሄንን ነው።

በዕድሜ፦ ‘ዓመት ካለፈው 25 በመቶ ቀንስ’ ብትል 15,000 ይወጣል። ሥራው በአንድ ቀን ያልቃል። ግን 5,000 ብር ኪሳራ ተደብቆ ቀረ። በተቃራኒው፣ ቀስ ብሎ በሙሉ ዋጋው የሚሸጥ ዕቃም ያለጥፋቱ ይቀነሳል። ዓመቱን ሙሉ መጠባበቂያ ከያዝክላቸው ዕቃዎች ብዙዎቹ ከግዢ ዋጋ በላይ ከተሸጡ፣ መቶኛው ልክ አይደለም።

ውድና ጥቂት ዕቃ ካለህ በየዕቃው ሂድ። ሺህ ዓይነት ብሎን ላለው ሱቅ የዕድሜው ሠንጠረዥ ይሻላል፤ ብቻ በየዓመቱ ከእውነተኛ የሽያጭ ደረሰኝ ጋር አስተያየው።