ካርቶንና ፍሬ፦ ኢንቮይስ የሚያመሳክር ፕሮግራም ከብዙ ወራት አጠቃቀም በኋላ

የአቅራቢዎችን ኢንቮይስ አንብቦ እያንዳንዱን ረድፍ ከግዢ ትዕዛዙና ከዕቃ መረከቢያ ሰነዱ ጋር የሚያመሳክር ፕሮግራም በሂሳብ ክፍላችን ሥራ ከጀመረ ከግማሽ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለ ንባብ ችሎታው ብዙ አልልም። በንጽሕና ከታተመ ኢንቮይስ ላይ የዕቃውን ስም፣ ብዛቱን፣ የአንዱን ዋጋና የረድፉን ድምር በደንብ ያወጣል። ብዛቱን በዋጋው አባዝቶ ከድምሩ ጋር ስለሚያስተያይ፣ የተሳሳተ አኃዝ ቢያነብም አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይታወቃል። ወራት የፈጀብኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሥራ ነው፤ በትክክል የተነበበ ረድፍ ሁሉ ከትዕዛዙ ጋር አይገጥምም።

ዋናው ምክንያት መለኪያ ነው። አንድ ትዕዛዝ ልውሰድ። 40 ካርቶን አምፖል አዘዝን፤ የአንዱ ካርቶን ዋጋ 1,200 ነው፣ በውስጡም 24 ፍሬ አለ። መጋዘኑ መጀመሪያ 25 ካርቶን ተረከበ። አቅራቢው ግን ኢንቮይሱን በፍሬ አዘጋጀው፦ 600 ፍሬ፣ አንዱ በ50፣ ድምሩ 30,000። ፕሮግራሙ 600ን ከ25 ጋር፣ 50ን ከ1,200 ጋር አስተያይቶ ብዛቱንም ዋጋውንም በቀይ አስቀመጠው። ሰውየው የላከው ሂሳብ ግን አንዳች ስሕተት የለበትም።

ፕሮግራሙ ለዚህ የሚያቀርበው አቋራጭ በረድፉ ድምር ብቻ ማዛመድ ነው። 25 በ1,200 ሲባዛም 30,000 ስለሚሆን ቀዩ ምልክት ይጠፋል። ይህን ምርጫ ማንም እንዳይከፍተው አጥብቄ እመክራለሁ። አቅራቢው 500 ፍሬ በ60 ሂሳብ ቢልክም ድምሩ ያው 30,000 ነው። ዋጋው በ20 በመቶ ጨምሮ ሳለ ረድፉ በሰላም ያልፋል፤ ያልተጠየቀው የ100 ፍሬ ሂሳብም በሌላ ኢንቮይስ ይመጣል።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ አቅራቢና ዕቃ የመለወጫ ሠንጠረዥ መሙላት ነው፦ 1 ካርቶን 24 ፍሬ። ያን ጊዜ 600 ለ24 ሲካፈል 25፣ 50 በ24 ሲባዛ 1,200 ይሆንና ብዛቱ ከመረከቢያ ሰነዱ፣ ዋጋውም ከትዕዛዙ ጋር ለየብቻ ይስማማሉ። ሠንጠረዡን መሙላት አሰልቺ ነው፤ ፕሮግራሙም ከቀድሞ ኢንቮይሶች ራሱ ተምሮ አይሞላውም። ትልቁ ጉድለቱ ይህ ይመስለኛል።

የልዩነት ወሰን የሚያስፈልገውም እዚሁ ላይ ነው። የካርቶኑ ዋጋ 1,000 ቢሆን የአንዱ ፍሬ ዋጋ 41.6667 ይመጣል፤ አቅራቢው 41.67 ብሎ ያትመዋል። በ600 ፍሬ ድምሩ 25,002 ይሆናል፣ በትዕዛዙ ዋጋ ግን 25 ካርቶን 25,000 ነው። እንዲህ ላለው ማጠጋጋት ከአንድ በመቶ እጅግ ያነሰ ወሰን ይበቃል። መቶኛውን ብቻውን መተው ግን አደገኛ ነው፤ ትልቅ ረድፍ ላይ ትንሽ መቶኛ ብዙ ገንዘብ ነውና፣ በቁርጥ ገንዘብ የተቀመጠ ጣሪያም ሊኖረው ይገባል። ፕሮግራሙ ሁለቱን አንድ ላይ መቀበሉ በጣም አስደስቶኛል።

ሌላው ጥሩ ጎኑ ከተረከብነው ላይ ቀደም ሲል የተከፈለበትን መቀነሱ ነው። ቀሪው 15 ካርቶን ሲገባ በድምሩ 40 ተረክበናል። የመጀመሪያው ኢንቮይስ በሌላ ቁጥር ዳግመኛ ቢመጣ፣ አጠቃላይ ርክክቡን ብቻ የሚያይ ፕሮግራም 25 ከ40 ያንሳል ብሎ ያሳልፈዋል። የእኛው ግን ያልተከፈለበት 15 ብቻ መሆኑን አይቶ ያግደዋል። ኢንቮይስ ከዕቃው ቀድሞ ሲደርስም ውድቅ አያደርገውም፤ የመረከቢያ ሰነዱ እስኪመዘገብ ያቆየውና እንደገና ያመሳክራል።

ሊያየው የማይችለው ነገርም አለ። አቅራቢው ካርቶኑን ከ24 ወደ 20 ፍሬ ቢቀንሰውና ኢንቮይሱን በካርቶን ቢልክ፣ ኢንቮይሱም የመረከቢያ ሰነዱም 25 ካርቶን ይላሉ፤ የካርቶኑ ዋጋም ከትዕዛዙ ጋር አንድ ነው። ሁሉም ይስማማል፤ 100 ፍሬ ግን ጎድሏል። ኢንቮይሱ በፍሬ ከሆነ ግን ምልክት አለው፦ 500 ለ24 ሲካፈል 20.83 ካርቶን ይመጣል። ሙሉ ካርቶን በሚሸጥ ዕቃ ላይ እንዲህ ያለ ክፍልፋይ ባየሁ ቁጥር ማሸጊያው ተለውጦ እንደሆነ አስጠይቃለሁ። በካርቶን ለሚልኩት ደግሞ የመጋዘን ባልደረቦች ከእያንዳንዱ ርክክብ አንድ ካርቶን ከፍተው የቆጠሩትን ፍሬ በመረከቢያ ሰነዱ ላይ እንዲጽፉ ተስማምተናል፤ ፕሮግራሙም ያን ቁጥር ከመለወጫ ሠንጠረዡ ጋር እንዲያስተያይ ተደርጓል።