ባሕር ዳር ላይ «ሙሉ ፓኬጅ» የሚባለውን የመታጠቢያ ቤት እድሳት ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወገኖች፣ መታጠቢያ ቤት ልታድሱ ያሰባችሁ ካላችሁ ቅድሚያ ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ትንሽ ታገሱኝ። ሰሞኑን «ከነሴራሚኩ፣ ከነዕቃው፣ ቶሎ እናስረክባለን» የሚል ሥራ በከተማችን በዝቷል። ዋጋው አንድ ነው፣ ፎቶው ያምራል፣ ሰውም ደስ ብሎት ይፈርማል። የእህቴ መታጠቢያ ቤት የታደሰው እንደዚህ ነው።

ቤቷ ከሐይቁ ብዙም አይርቅም፣ ባለ አንድ ፎቅ ነው፣ መታጠቢያ ቤቱም ልክ ከሳሎኑ በላይ ነው። ጠቅላላ የተጠየቀችው 210 ሺህ ብር ነበር። ዋጋ ማቅረቢያው ላይ ሴራሚክ 85 ሺህ፣ መቀመጫው፣ ላቫንዲኖው፣ መስታወቱና ሻወሩ በአንድ ላይ 70 ሺህ፣ የእጅ ዋጋ 45 ሺህ ይላል። ከታች ደግሞ «ቧንቧና ልዩ ልዩ፣ 10 ሺህ» የምትል አንዲት መስመር አለች። ውሃ መከላከያ የሚል ቃል የትም የለም። ማፍረስ የሚልም የለም።

ሥራው አልቆ ሲታይ ዓይን ይስባል። ሚያዝያ ላይ የሳሎኑ ጂፕሰም ቢጫ መሆን ጀመረ። ተቋራጩ ተጠርቶ መጣና «ጣሪያችሁ ያፈሳል» አለ። ሚያዝያ ላይ የምን ዝናብ ነው? ሌላ የቧንቧ ባለሙያ ተጠራ። እሱ መጀመሪያ ያደረገው ቀላል ነገር ነው፤ ወደ ሮቶው የሚገባውን ውሃ ዘጋ፣ የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ ዘጋ፣ ሮቶው ላይ ውሃው የደረሰበትን በማርከር አሰመረና ሌሊቱን አሳደረው። ጠዋት ውሃው ከመስመሩ አልወረደም። ይህ ማለት ንጹሕ ውሃ የሚያመጣው ቱቦ ደህና ነው፣ የሚያፈሰው ወለሉ ወይም ፍሳሹ ነው ማለት ነው። ጣሪያችሁ ላይ እድፍ ካያችሁ ማንንም ከመክሰሳችሁ በፊት ይህን ሞክሩ፣ ወጪ የለውም።

ወለሉ ሲፈረስ አዲሱ ሴራሚክ የተለጠፈው በአሮጌው ሴራሚክ ላይ ሆኖ ተገኘ። በሁለቱ መካከል ያለው ሲሚንቶ ጨቅይቷል፣ ይሸታል። የሻወሩ ፍሳሽ መውረጃ ደግሞ አሮጌው ቱቦ ውስጥ ዝም ብሎ ገብቷል፤ ማጣበቂያ የለው፣ ጎማ የለው፣ ዙሪያው ያለው ክፍተት በሲሚንቶ ተደፍኗል። ሲሚንቶ ከፒቪሲ ጋር በደንብ አይያያዝም፣ ሲደርቅ ይላቀቃል። ስለዚህ በታጠቡ ቁጥር ከውሃው ከፊሉ ወደ ሶሌታው ይወርዳል። ያ ሁሉ ውድ ሴራሚክ ተሰብሮ ተጣለ፣ ምክንያቱም የተለጠፈ ሴራሚክ ሳይሰበር አይነሳም።

ስለዚህ ብራችሁን ከሥር ወደ ላይ መድቡ። ነገ ግድግዳ ወይም ወለል ሳይሰበር የማይቀየር ነገር ቅድሚያ ያግኝ፣ በመፍቻ ብቻ የሚቀየር ነገር መጨረሻ ይምጣ።

የመጀመሪያው ፍሳሽና የወለሉ ተዳፋት ነው። አሮጌው ሴራሚክ ይነሳ፣ ወለሉ ወደ መውረጃው በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። የመቀመጫው ቱቦ 110 ሚሊ ሜትር፣ የሻወሩ ቢያንስ 50 ሚሊ ሜትር ይሁን። መቀመጫውን ካለበት ቦታ ማዛወር ግን ካልተገደዳችሁ ይቅርባችሁ፤ ወፍራሙን ቱቦ ከነተዳፋቱ ማዞር ትልቅ ወጪ ነው፣ ጥቅሙም ለዓይን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ውሃ መከላከያ ነው፣ ብዙ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። ሴራሚክ ራሱ ውሃ አያሳልፍም፣ በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መሙያ ግን ያሳልፋል። ውሃ የሚይዘው ከሴራሚኩ ሥር የሚቀባው መከላከያ ነው። ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይቀባል፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እያቋረጠ፣ የመጀመሪያው ከደረቀ በኋላ። ማዕዘኖቹና የመውረጃው ዙሪያ የመረብ ጨርቅ ይገባባቸዋል፣ ስንጥቁ የሚጀምረው እዚያ ነውና። በግድግዳው ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይውጣ፣ ሻወሩ ጋ ደግሞ እስከ 2 ሜትር።

ከዚያ ፈተናው አለ፣ ይህን ማንም እንዳያስዘልላችሁ። መውረጃው በደንብ ይደፈን፣ በሩ ላይ ትንሽ ግድብ ይሠራ፣ ወለሉ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይሞላና 24 ሰዓት ይቆይ። በግድግዳው ላይ የውሃውን ልክ በእርሳስ አስምሩ። በማግስቱ ውሃው በግልጽ ከወረደ ወይም ከታች ያለው ጣሪያ ከራሰ ሴራሚክ አይለጠፍም። «ጊዜ የለንም» የሚል ሠራተኛ ካለ ሥራውን አቁሙት።

ሦስተኛው የውሃ ቱቦው ነው። ለሙቅ ውሃ የሚሆን ፒፒአር ይገዛ፣ በልስን ሳይሸፈን በፓምፕ ግፊት ተሞልቶ ይፈተን፣ የመለኪያው ቀስት ከቦታው መውረድ የለበትም። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ቫልቭና ማደባለቂያ ካለ ጥሩውን ግዙ። ቦይለሩም የራሱ መስመር፣ የራሱ ማቋረጫና የምድር ሽቦ ይኑረው፣ እርጥብ ክፍል ውስጥ ነው ያለው።

አሁን የምትቆጥቡበት። ሴራሚክ እስከ ጣሪያ መለጠፍ ግዴታ አይደለም። ሻወሩ ጋ እስከ 2 ሜትር፣ ላቫንዲኖው ጀርባ ትንሽ፣ ሌላው ግድግዳ እርጥበት በሚችል ቀለም ይበቃዋል። ለወለሉ ግን የማያንሸራትት ይሁን፣ እዚያ ላይ አትሰስቱ። መስታወቱ፣ ቁም ሳጥኑ፣ ፎጣ መስቀያው በኋላ ብር ሲገኝ ይገባል።

ጣሪያ ላይ የሚሰቀለውን ትልቁን ሻወር ግን ተዉት። እኛ ጋ የቧንቧ ውሃ ስለሚቆራረጥ የብዙ ቤት ውሃ ከሮቶ ነው የሚወርደው። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ገደማ ነው። ሮቶው ከሻወሩ 3 ሜትር ከፍ ቢል 0.3 ባር ማለት ነው። ያ ሰፊ ሻወር በዚህ ግፊት ያንጠባጥባል እንጂ አያጥብም። ፓኬጁ ውስጥ ግን ሁልጊዜ አለ፣ ፎቶ ላይ ስለሚያምር።

የእህቴን 210 ሺህ እኔ ብመድበው ለማፍረስና ወለል ለማስተካከል 25፣ ለፍሳሽና ለቱቦ 40፣ ለውሃ መከላከያ 20፣ ለእጅ 45፣ ለሴራሚክ 45፣ ለዕቃ 35 ሺህ አደርገው ነበር። ዋጋ በየጊዜው ይቀያየራል፣ እናንተ ቅደም ተከተሉንና ድርሻውን እዩ።

ውሉ ላይ የማፍረሱ፣ የመከላከያው (የምርቱ ስምና ስንት ጊዜ እንደሚቀባ) እና የሁለቱ ፈተናዎች ዋጋ ለየብቻቸው ይጻፉ። «ልዩ ልዩ» የሚለው መስመር ይዘርዘር። ክፍያውን በሦስት ክፈሉት፤ ሁለተኛው የሚለቀቀው የ24 ሰዓቱ ውሃ ካለፈ በኋላ ይሁን፣ የመጨረሻው 20 በመቶ ደግሞ ሻወሩ ለአንድ ወር በደንብ ከተሠራበት በኋላ። ቀድማችሁ የፈረማችሁ ካላችሁም ሴራሚኩ ገና ካልተለጠፈ አልረፈደም፤ ዛሬውኑ ሄዳችሁ መከላከያው ተቀብቶ ከደረቀ ወለሉ ላይ ውሃ አስሞሉ፣ ቱቦዎቹንም ሳይሸፈኑ ፎቶ አንሷቸው።