አንድ ጽሑፍ ለሁሉም መድረክ ወይስ ለየመድረኩ የተለየ?

አንድ ቪዲዮ ዩቲዩብ፣ ኢንስታግራምና ኤክስ ላይ ስትለጥፉ አብሮት የሚሄደው ርዕስና መግለጫ አንድ ይሁን ወይስ ይለያይ? እንበልና ቪዲዮው የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ስለመጠገን ነው።

ድካም፦ አንዱን ጽሑፍ ሁሉም ጋ ኮፒ ማድረግ የደቂቃ ሥራ ነው። ለየብቻ መጻፍ ጊዜ ይበላል።

የፊደል ልክ፦ ኮፒው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ዩቲዩብ ለርዕስ 100፣ ለመግለጫ 5000 ፊደል ይፈቅዳል። ኢንስታግራም የሚሰጣችሁ 2200 ፊደል ብቻ ነው፣ ለብቻው የሚጻፍ ርዕስ የለውም። ኤክስ በነፃ አካውንት 280 ይላል፣ ግን እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል እንደ ሁለት ስለሚቆጥር በአማርኛ የሚተርፋችሁ 140 ገደማ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ፖስቱ አልሄድ ሲለው ነው።

ፍለጋ፦ ዩቲዩብ ላይ ሰው ችግሩን ጽፎ ይፈልጋል። ስለዚህ «የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እንዴት ይጠገናል?» በሉት፣ ረጅም ርዕስ ስልክ ላይ መጨረሻው ስለሚቆረጥ ዋናው ቃል ፊት ይምጣ። ኢንስታግራም ላይ ግን ከመጀመሪያው መስመር በኋላ ያለው ይደበቃል፤ «ቧንቧው ተዘግቶም ያንጠባጥባል? ውስጡ ያለችውን ጎማ እዩ» ይሻላል። እዚያ መግለጫው ውስጥ የተለጠፈ ሊንክም ሲነኩት አይከፈትም።

ስጋት፦ የተለያየ ጽሑፍ ካላችሁ፣ አንድ ስህተት ስታርሙ ሌላው ጋ ሊረሳ ይችላል። ሁሉንም አንድ ሰንጠረዥ ላይ አስቀምጡ።

ነገ የሚያረጅ ወሬ ከሆነ ኮፒው ይበቃል፣ ብቻ ከ140 ፊደል አይለፍ። ለወራት የሚፈለግ ትምህርት ከሆነ ለየብቻ ጻፉ። ጊዜ ካጠረ ደግሞ ቢያንስ የዩቲዩቡን ርዕስና የኢንስታግራሙን የመጀመሪያ መስመር ለዩ።