አልጋ ላይ ስገለበጥ ቤቱ ይዞርብኝ ነበር፤ ዶክተሬን አመሰግናለሁ

ሁለት ሳምንት ሙሉ በቀኝ ጎኔ መተኛት ፈርቼ ነበር። ወደ ቀኝ ስገለበጥ ክፍሉ ከነጣሪያው ይዞራል። አልጋውን ጭምድድ አድርጌ እይዛለሁ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ያልፋል፤ ማቅለሽለሹ ግን ይቆያል። መጀመሪያ የታየሁበት ቦታ «ደም ማነስ ይሆናል» ብለው ክኒን ሰጡኝ። ክኒኑ እንቅልፍ በእንቅልፍ አደረገኝ እንጂ ማዞሩን አልነካውም።

ከዚያ አንዲት የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዶክተሯ መድኃኒት ከማዘዛቸው በፊት ጠየቁኝ። ሲነሳብህ ለስንት ጊዜ ይቆያል? ምን ስታደርግ ይነሳል? መስማትህ ቀንሷል? አንገትህን ያምሃል?

ከዚያ አልጋ ላይ አስቀምጠው ፊቴን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ አዞሩትና ቶሎ ወደ ኋላ አስተኙኝ። ጭንቅላቴ ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብሏል። ጥቂት ሰከንድ ምንም የለም። ከዚያ መጣ! እሳቸው ግን የሚያዩት ዓይኔን ነበር። ዓይኔ ሳላዘው እየተርገበገበ ይሽከረከራል። የታመመው ቀኝ ጆሮዬ መሆኑን ያወቁት በዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው አሉኝ። በውስጠኛው ጆሮ ሚዛን የሚጠብቁ ደቃቅ የካልሲየም ጠጠሮች አሉ። ከቦታቸው ሲላቀቁ ፈሳሽ ወዳለበት ጠባብ ቱቦ ይገባሉ። ጭንቅላት ሲንቀሳቀስ ፈሳሹን ይዘው ይንሸራተታሉ፤ አንጎልም እየተሽከረከርን ይመስለዋል። ክኒን ደግሞ ጠጠር አይመልስም።

ሕክምናው ኤፕሊ የሚባል እንቅስቃሴ ነው። እንደተኛሁ ማዞሩ እስኪቆም ጠበቁ። ቀጥሎ ጭንቅላቴን 90 ዲግሪ ወደ ግራ አዞሩ። ትንሽ ቆይተው በግራ ትከሻዬ አስተኙኝ፣ አፍንጫዬ ወደ ወለሉ እስኪያይ። በመጨረሻ ቀስ ብለው አስቀመጡኝ። በየደረጃው አንድ ደቂቃ ያህል ቆይተናል። ሁለቴ ደገሙት። ከዚያ የመጀመሪያውን ምርመራ እንደገና ሠሩልኝ፤ ዓይኔ ጸጥ አለ። እኔን ያስደሰተኝ ይህ ነው፤ «ተሽሎሃል» ብለው አልሸኙኝም፣ አረጋገጡ።

ሁለት ቀን ጀልባ ላይ ያለሁ ያህል ተንሳፈፍኩ። ይኖራል ብለውኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። ሊመለስም ይችላል ብለውኛል።

ቪዲዮ አይታችሁ ቤት ውስጥ ልትሞክሩት ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ጆሮው ይለይ። ጠጠሩ በሌላኛው ጆሮ ወይም በጎን ባለው ቱቦ ውስጥ ከሆነ ይህ እንቅስቃሴ አይሠራም። ማዞሩ ሳያቋርጥ ከቀጠለ፣ ወይም ምላስ ከተሳሰረ፣ ፊት ከተጣመመ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ መራመድ ካቃተ ግን የጆሮ ጉዳይ ላይሆን ይችላል፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ዶክተሯን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻቸውን እልካለሁ። እኔ ዛሬ በቀኝ ጎኔ ተኝቼ ነው የተነሳሁት።